«በ30 ቀን» ከመቼ ጀምሮ?

አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ለወረቀት አስመጪው እንዲህ የሚል ኢሜይል ላከ እንበል፦

«በላካችሁልን ፕሮፎርማ መሠረት 200 ካርቶን ኤ4 ወረቀት እንድታቀርቡልን እንጠይቃለን። ክፍያው እንደተለመደው በ30 ቀን ይፈጸማል። ቀደም ብለን ከከፈልን የተነጋገርንበት 2 በመቶ ቅናሽ እንዲታሰብልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ሁለቱ ወገኖች በስልክ ተግባብተዋል። ማተሚያ ቤቱ በ10 ቀን ውስጥ ከከፈለ 2 በመቶ ይቀነስለታል፤ ካልሆነ ሙሉውን በ30 ቀን ይከፍላል። ስልክ ላይ የነበረው ሰው ግን ሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ሰው አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛዋ የምታየው ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ወረቀቱም 30ው ቀን ከየት እንደሚነሳ፣ «ቀደም ብለን» ማለት ስንት ቀን እንደሆነ፣ 2 በመቶው ከየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚሰላ አይነግራትም።

በተግባር የሚሆነውን በቀን አስልተን እንየው። አስመጪው የዱቤ ሽያጭ ደረሰኙን ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ቆረጠ። ዕቃው ከነደረሰኙ ማተሚያ ቤቱ ግቢ የገባው ነሐሴ 22 ነው። ማተሚያ ቤቱ ከተረከበበት ቀን ቆጥሮ ጳጉሜ 1 ቀን፣ ማለትም በዘጠነኛው ቀን፣ ቅናሹን ቀንሶ ከፈለ። አስመጪው ደግሞ በደረሰኙ ላይ ካለው ቀን ሲቆጥር ያ ቀን 12ኛው ሆነበት። በእሱ አቆጣጠር ቅናሹ ሁለት ቀን አልፎበታል፤ ስለዚህ የተቀነሰውን እንደ ቀሪ ዕዳ መዘገበው። ሁለቱም የቆጠሩት በትክክል ነው፤ የተለያየው መነሻቸው ነው።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። አንዱ ካርቶን 3,000 ብር ቢሆን ዋጋው 600,000 ብር ይሆናል፤ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 690,000። 2 በመቶው ከዋጋው ላይ ከተሰላ 12,000 ብር ነው፣ ከድምሩ ላይ ከተሰላ 13,800። በዚያ ላይ ገዢው በሕግ ቀንሶ የሚያስቀረው ቅድመ ግብር፣ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የምንለው፣ አለ። ይህ ግብር ለዓመታት 2 በመቶ ሆኖ ስለኖረ «2 በመቶ ተቀንሷል» የሚል ማስታወሻ ያየ ሒሳብ ሠራተኛ ግብሩ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ባንክ የገባው ገንዘብ ሲጎድል የቱ ቅናሽ፣ የቱ ግብር እንደሆነ ሁለቱን ለያይቶ መጻፍ የግድ ነው።

አስመጪው በቀን ላይ ጥብቅ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘቡን 20 ቀን ቀድሞ ለማግኘት ከ100 ብሩ 2 ብር ይተዋል፤ 98 ብር ይቀበላል። ይህ በዓመት ሲሰላ ወደ 37 በመቶ የሚጠጋ ወለድ እንደመክፈል ነው። ለገዢውም ቢሆን ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ስለዚህ የመነሻ ቀን ላይ መከራከር ተራ ንዝንዝ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ኢሜይሉን እንደገና ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ርዕሰ ጉዳይ፦ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥር 41፤ ኤ4 ወረቀት 200 ካርቶን፤ ክፍያ በ30 ቀን፤ በ10 ቀን ከተከፈለ 2 በመቶ ቅናሽ

ዋጋው 600,000 ብር፣ ቫት 90,000 ብር፣ ድምሩ 690,000 ብር ነው።

ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃውንና የዱቤ ሽያጭ ደረሰኙን ሁለቱንም ከተረከብንበት ማግስት ጀምሮ ነው። እሑድና በዓላትም ይቆጠራሉ። የመጨረሻው ቀን እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ከሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል።

እስከ 10ኛው ቀን ከከፈልን ቫት ሳይጨመር ካለው ዋጋ ላይ 12,000 ብር ቀንሰን፣ ቫቱን እንዳለ ጨምረን፣ 678,000 ብር እንከፍላለን። ከዚያ በኋላ እስከ 30ኛው ቀን ሙሉውን 690,000 ብር እንከፍላለን።

ተከፈለ የሚባለው ገንዘቡ የእናንተ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ነው። በሕግ የምናስቀረው ቅድመ ግብር ከቅናሹ የተለየ ነው፤ ደረሰኙን ለብቻው እንልካለን።

በዚህ የምትስማሙ ከሆነ ዕቃውን ከመጫናችሁ በፊት ለዚህ ኢሜይል መልስ በመስጠት አረጋግጡልን።»

መነሻው ዕቃውና ደረሰኙ ሁለቱም የደረሱበት ቀን የሆነው ለገዢው ስለሚመች ነው። አስመጪው «የለም፣ ከደረሰኙ ቀን» ቢል መብቱ ነው፤ ጥቅሙ ክርክሩ ከግዢው በፊት መደረጉ ነው። «ገንዘቡ ሒሳባችሁ ሲገባ» የሚለው ደግሞ ለሻጩ የተሰጠ ነው። ሲፒኦ አሠርቶ በእጅ መስጠት፣ ባንክ ሄዶ ማዘዝና ገንዘቡ መግባቱ ሦስት የተለያዩ ቀናት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሻጩ በራሱ ሊያረጋግጠው የሚችለው የመጨረሻውን ነው። የቫቱ አያያዝም ከሁለቱ ወገን ሒሳብ ባለሙያዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል፤ ደረሰኙ ከተቆረጠ በኋላ ዋጋ ሲቀንስ የማስተካከያ ሰነድ ሊያስፈልግ ይችላልና።

«2/10 ኔት 30» የሚለውን የንግድ አጻጻፍ የተውኩት አውቄ ነው። ለሚያውቀው አጭር ነው፤ ለማያውቀው ግን 2/10 ቀን ይመስላል።

የማረጋገጫው ዐረፍተ ነገር የመጨረሻ መስመር ላይ ስለሆነ ብቻ እንደ ጨዋነት እንዳይታይ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመርሕ ደረጃ ዝምታን እንደ ስምምነት አይቆጥርም። የአስመጪው ፕሮፎርማ «ክፍያ ከርክክብ በፊት» የሚል ከሆነና እሱ ለኢሜይሉ መልስ ሳይሰጥ ዕቃውን ቢልክ፣ የማን ቃል እንደጸና መለየት ያስቸግራል። ሁለት ቃል ያለው መልስ ይህን ይዘጋዋል።

አሁን ያንኑ ግዢ በአዲሱ ኢሜይል እንቁጠረው። ርክክቡ ነሐሴ 22 ከሆነ 10ኛው ቀን ጳጉሜ 2 ነው፤ በ2017 ያ ቀን እሑድ ስለነበር ቅናሹ እስከ ሰኞ ጳጉሜ 3 ይቆያል። 30ኛው ቀን መስከረም 17 ላይ ይወድቃል፤ መስቀል ነው፣ ማግስቱም እሑድ፣ ስለዚህ ክፍያው ሰኞ መስከረም 19 ይሆናል። «30 ቀን» በማለት ፈንታ «አንድ ወር» ብንል ኖሮ አንዱ መስከረም 22 ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ጳጉሜ አምስት ቀን ጨምራለችና። የሻጩ የሒሳብ ሶፍትዌር በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ያስፈልጋል።

ትዕዛዙ ሲጻፍ ግን የርክክቡ ቀን ገና አይታወቅም። ስለዚህ ዕቃው በገባ ዕለት ሁለተኛ አጭር ኢሜይል ይላካል፦ «በትዕዛዝ ቁጥር 41 ዕቃውንና ደረሰኙን ነሐሴ 22 ቀን 2017 (ኦገስት 28፣ 2025) ተረክበናል። ቅናሹ የሚያበቃው ጳጉሜ 3 (ሴፕቴምበር 8)፣ ሙሉ ክፍያው የሚያበቃው መስከረም 19 ቀን 2018 (ሴፕቴምበር 29) ነው።» ዕቃው ተከፋፍሎ ከመጣ፣ ለምሳሌ 150 ካርቶን ዛሬ፣ 50ው በሳምንቱ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ደረሰኝና የራሱ ቀን ይጻፍለታል።

ይህን ኢሜይል ለአስመጪው ብቻ መላክ ግን አይበቃም። ብዙ ጊዜ ቅናሹ የሚያልፈው በሻጩ ምክንያት ሳይሆን ደረሰኙ የገዢው ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ ነው። ግልባጩ ለራስ ሒሳብ ክፍልና ክፍያ ለሚያጸድቀው ሰው ይሂድ፤ ርክክቡ በሆነ በአምስተኛው ቀን ፊርማው ካላለቀም ሒሳብ ክፍሉ ሄዶ ይጠይቅ።