ፖሊሲው እጅዎ ከገባ በኋላ ያሉት ቀናት
ተታለው የገዙትን የሕይወት ኢንሹራንስ መልሶ ዓረቦንን ማስመለስ

እንበልና አንድ የፍኖተ ሰላም የበርበሬ ነጋዴ ምርቱን ሸጦ ገንዘቡ እጁ እንደገባ አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ሱቁ ድረስ ይመጣል። «በዓመት 36,500 ብር ይክፈሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የከፈሉትን በሙሉ ከነወለዱ ይወስዳሉ፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ሕይወትዎ ዋስትና አለው» ይለዋል። ነጋዴው የባንክ ቁጠባ ያህል አድርጎ ያስበዋል። የጥያቄውን ቅጽ ወኪሉ ይሞላል፣ ነጋዴው ይፈርማል፣ ሐኪም ዘንድ ይመረመራል፣ ዓረቦኑንም ይከፍላል። ዋስትናው ታኅሣሥ 10 ቀን ይጀምራል።

ፖሊሲው አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ በቡሬ በኩል እስኪደርሰው ጥር 2 ቀን ይሆናል። ሲያነበው ውሉ የሃያ ዓመት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያቋርጥ የሚመለስለት ገንዘብ የለም፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ከከፈለው እጅግ ያነሰ ነው። ነጋዴው ምን ያድርግ?

በቅድሚያ የሚመለከተው ራሱን ፖሊሲውን ነው። በብዙ አገሮች ገዢው ፖሊሲው ከደረሰው በኋላ አንብቦ ካልተስማማው ያለ ምክንያት የሚመልስበት የጊዜ ገደብ አለ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕይወትና ለጤና ኢንሹራንስ ይህን ጊዜ 30 ቀን አድርጋለች። በእኛ አገር ግን የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገርበት ክፍል ለገዢው እንዲህ ያለ የማሰቢያ ቀን አይሰጥም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል ስላልነካው የ1952ቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ስለዚህ የማሰቢያ ቀን በፖሊሲው ወይም አብሮት በሚሰጠው የማብራሪያ ወረቀት ላይ ከተጻፈ በውል የተገኘ መብት ነው። ካልተጻፈ ግን ሌላ መንገድ መከተል ግድ ይላል።

የተጻፈ እንደሆነ ትልቁ ጥያቄ ቀኑ ከመቼ ይቆጠራል የሚለው ነው። ለነጋዴያችን የተሰጠው 15 ቀን ቢሆንና ከፊርማው ቀን ቢቆጠር ኖሮ ፖሊሲው ገና መንገድ ላይ ሳለ ታኅሣሥ 25 ባለቀ ነበር። ከርክክብ ቀን የሚቆጠር ከሆነ ግን እስከ ጥር 17 ጊዜ አለው። በመሆኑም ፖሊሲውን ሲረከቡ የርክክብ ቀኑን በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙ፤ ቅጂም ይያዙ። ቀን ያልተጻፈበት ርክክብ ኋላ ላይ ክርክር ያመጣል።

ነጋዴው ጥር 10 ቀን ደብዳቤ አስገባ እንበል። ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም። «የፖሊሲ ቁጥሩ ይህ የሆነውን ውል ጥር 2 ቀን ተረክቤ አንብቤዋለሁ። በውሉ በተሰጠኝ የማሰቢያ ጊዜ ውስጥ ሰርዤዋለሁ። የከፈልኩት ዓረቦን በዚህ የባንክ ሒሳብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ» ቢል ይበቃል። ዋናው ፖሊሲ ከደብዳቤው ጋር ሲመለስ ሙሉ ቅጂው በነጋዴው እጅ ይቅር። ደብዳቤው በግንባር ከቀረበ ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም ይደረግበት፤ በፖስታ ከተላከ በሪኮማንዴ ይሁን። ለወኪሉ በስልክ መንገር መሰረዝ አይደለም። «እኔ እነግርልዎታለሁ» እያለ ቀኑ ቢያልፍ ተጎጂው ገዢው ነው።

የሚመለሰው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ሙሉው አይደለም። ዋስትናው ጸንቶ ለቆየባቸው ቀናት የሚታሰብ ሒሳብና የሐኪም ምርመራ ወጪ ይቀነሳል። በምሳሌያችን ከዓመቱ ዓረቦን ለሞት ዋስትና የሚውለው 7,300 ብር ቢሆን በቀን 20 ብር ይደርሳል። ከታኅሣሥ 10 እስከ ጥር 10 ላለው 30 ቀን 600 ብር ነው። ምርመራው 1,400 ብር ከፈጀ ተቀናሹ 2,000 ብር ይሆንና ነጋዴው 34,500 ብር ይመለስለታል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢያቋርጥ ግን በመጀመሪያው ዓመት ምንም ላያገኝ ይችላል።

ቀኑ ቢያልፍስ?

የማሰቢያ ቀን ካለፈ ወይም ከነአካቴው ካልተጻፈ «ሐሳቤን ለወጥኩ» ማለት አያዋጣም። የሚያዋጣው መታለልን ማስረዳት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1704 አንዱ ወገን በተንኮል ካልተታለለ በቀር ውሉን ባልፈጸመ ነበር የሚያሰኝ ሲሆን ውሉ እንዲፈርስ ይፈቅዳል። ውሉ ሲፈርስ ሁለቱ ወገኖች ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ። ክሱ መቅረብ ያለበት ግን የሚያፈርሰው ምክንያት ከቀረ፣ ማለትም ማታለሉ ከታወቀ፣ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለይ። «ኩባንያችን አንደኛ ነው» ማለት የሻጭ ወሬ ነው፤ ውል አያፈርስም። «በሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብዎን ይወስዳሉ» ማለት ግን እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ከፖሊሲው ጋር ተነጻጽሮ የሚታወቅ ነገር ነው። ማስረጃውም ወኪሉ በእጁ የጻፈው የሒሳብ ወረቀት፣ በስልክ የላከው መልእክት፣ ሱቅ ውስጥ አብሮ የሰማ ሰው ሊሆን ይችላል። ወረቀት ጨርሶ በሌለበት የገዢው ቃል በወኪሉ ቃል ይመታል።

ሁለተኛው ሻጩ ማን እንደሆነ ነው። ወኪል የሚሠራው ለኩባንያው በመሆኑ የእሱ ንግግር ወደ ኩባንያው ይሄዳል። ደላላ ግን በገዢው ስም የሚፈልግና የሚያስማማ ነው። ደላላው ዋሽቶ ከሆነ ኩባንያው «የእኛ ሰው አይደለም» ሊል ይችላል። በሦስተኛ ወገን ተንኮል ምክንያት ውል የሚፈርሰው ኩባንያው ተንኮሉን ካወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ከተጠቀመበት ነውና። እንግዲህ የፈረሙበት ቅጽ ላይ «ወኪል» ወይስ «ደላላ» እንደሚል ከወዲሁ ይመልከቱ።

ቅጹን ራሱ መመርመርም ይገባል። ወኪሉ ሲሞላው የገዢውን ሕመም ዘልሎ ወይም ዕድሜውን ቀንሶ ከሆነ በንግድ ሕጉ መሠረት የሐሰት መግለጫ ውሉን ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል። የፈረመው ገዢው ስለሆነ ጥያቄው የሚነሣው ቤተሰቡ ካሣ በሚጠይቅበት ቀን ነው። ስሕተት ካገኙ ወዲያው በጽሑፍ ያስታርሙ።

ተታልያለሁ የሚል ሰው ማታለሉን ካወቀ በኋላ ሁለተኛውን ዓረቦን ዝም ብሎ መክፈል የለበትም፤ ውሉን አጸደቀ ሊባል ይችላል። አቤቱታውን በመጀመሪያ ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ያቅርብ። መልስ ካጣ ወይም መልሱ ካላረካው የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ወደሆነው ብሔራዊ ባንክ ይሂድ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው፤ ይሁንና አቤቱታው እየተጓተተ ሁለቱ ዓመት እንዳያልቅ ቀኑን ይቁጠር።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጥንቃቄ አለ። ፖሊሲው ለባንክ ብድር ዋስትና የተያዘ ከሆነ ባንኩ ሳይስማማ አይሰረዝም። የጭነት መኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ፣ ከቡሬ ጭነት የሚያነሣ ባለመኪና የተሸጠለትን ውል ቢጠላው እንኳ ሌላ ሳይገዛ አሮጌውን መመለስ የለበትም።