ስድሳ ገጽ ካርድ፣ አምስት ደቂቃ

ካርዱ በላስቲክ ታስሮ ነው የመጣው። ከጤና ጣቢያ የተጻፈች የሪፈር ወረቀት፣ የሦስት ሆስፒታል የላብራቶሪ ውጤት፣ ቀለሙ የደበዘዘ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ በየእጁ የተጻፈ የሐኪም ማስታወሻ፤ ሲደመር ስድሳ ገጽ ገደማ። ሐሙስ ከሰዓት ያንን ሁሉ በጉባኤ ፊት ማቅረብ ነበረብኝ። ለአንድ ሕመምተኛ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ አምስት ደቂቃ ነው።

ጉባኤውን በየሆስፒታሉ «ቲውመር ቦርድ» ይሉታል። ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሟ፣ ፊልም አንባቢው፣ የባዮፕሲ ናሙና የሚያየው ፓቶሎጂስት፣ የፋርማሲ ባለሙያው፣ ነርሷ፣ እንደ ሁኔታው የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለአንድ ሕመምተኛ አንድ ውሳኔ ይሰጣሉ። በእንግሊዝና በዌልስ የካልማንና የሃይን ሪፖርት በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ይህ አሠራር የካንሰር ሕክምና መደበኛ መንገድ ሆኗል። በጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት ብዙዎቹ ሕመምተኛዋን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። የሚያውቋት በቀረበላቸው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ሬዚደንት ሳለሁ መጀመሪያ ያቀረብኩት ኬዝ አሁንም ያሳፍረኛል። ታሪኩን ከመነሻው ጀምሬ፣ ሕመምተኛው በየትኛው ወር የት እንደታየ፣ ምን እንደታዘዘለት፣ ለአራት ደቂቃ ሳልተነፍስ አነበብኩ። ሲኒየሩ እጃቸውን አነሱና «ሁሉም ጥሩ ነው ልጄ። ግን ምን እንድንወስንልህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስድስት ሐኪሞች አስቀምጬ ጥያቄ ሳልይዝ ነበር የመጣሁት።

ከዚያ በኋላ ማጠቃለያ ስጽፍ የምጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ጥያቄውን አስቀድሜ እጽፋለሁ። በላስቲክ የታሰረው ካርድ ባለቤት ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። (ማንነቷ እንዳይታወቅ ከብዙ ሕሙማን ታሪክ አቀናብሬያታለሁ።) የ47 ዓመት እናት ናት፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባለች ከተማ አትክልት ትሸጣለች። ስምንት ወር ደም ሲፈሳት «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለች መድኃኒት ስትወስድ ቆይታ፣ በመጨረሻ ባዮፕሲ ተወስዶ የማህፀን በር ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ስኳር አለባት። ኤች አይ ቪም በደሟ አለ፤ መድኃኒቷን ለዓመታት ሳታቋርጥ ወስዳለች።

መጀመሪያ የጻፍኩት ጥያቄ «ምን ሕክምና ይሰጣት?» የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ አይባልም። ለዚህ ደረጃ የሚሰጠው ሕክምና የታወቀ ነው፤ ለአምስት ሳምንት ያህል ከውጭ የሚሰጥ ጨረር፣ ከጎኑ በየሳምንቱ ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ፣ ከዚያ ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር። ይህን ለማወቅ ጉባኤ አያስፈልግም። ጉባኤ ያስፈለገው ሕክምናውን የሚያደናቅፍ ነገር ስላለ ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ ካርዱን አንድ ነገር ብቻ እየፈለግሁ እንደገና ማገላበጥ ነበረብኝ፤ ሕክምናው እንዳይሰጥ የሚከለክለው ምንድን ነው?

ያገኘሁት ክሬአቲኒን ላይ ነው። ክሬአቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። የሪፈር ወረቀቷ 0.9 ይላል፤ ጤነኛ ቁጥር ነው። አብዛኛው ሰው ከዚያ ይገለብጣል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተቀምጧልና። ግን ያ ቁጥር የጥቅምት ነው። ኅዳር ላይ 1.6፣ ታኅሣሥ ላይ 2.4 ሆኗል። ዕጢው ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ከግራም ከቀኝም ተጭኗቸው ኩላሊቶቿ ሽንት ቋጥረዋል። በዕድሜዋና በ52 ኪሎ ክብደቷ ሲሰላ ኩላሊቷ በደቂቃ የሚያጣራው 24 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሲስፕላቲን ራሱ ኩላሊት የሚጎዳ፣ የሚወገደውም በኩላሊት የሆነ መድኃኒት ስለሆነ ብዙ ሐኪሞች ከ50 በታች ላለ ሰው አይሰጡትም።

0.9ን ብቻ ጽፌ ብገባ ኖሮ ጉባኤው ሲስፕላቲን ሊፈቅድ ይችል ነበር። የቁጥር ማጭበርበር የሚታወቀው በቀኑ ነው፤ ቀን የሌለው የላብራቶሪ ውጤት ባየሁ ቁጥር ብዕሬን አቆማለሁ። ሦስቱ ቁጥሮች ከነቀናቸው በአንድ መስመር ሲቀመጡ ደግሞ አንዱ ብቻውን የማይናገረውን ይናገራሉ፤ ኩላሊቷ በሁለት ወር ውስጥ እየተዘጋ ነው፣ ጊዜ የለም። ፋርማሲስቱ «የኤች አይ ቪ መድኃኒቷ ይሆን እንዴ?» ብሎ እንደሚጠይቅ አውቅ ነበር። እውነት ነው፣ ዶሉቴግራቪር ኩላሊቱን ሳይጎዳ ክሬአቲኒንን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ ግን የሚያደርገው መድኃኒቱ እንደተጀመረ ነው፣ ከዚያ እዚያው ይቆማል። ለዓመታት የወሰደችው መድኃኒት በሁለት ወር ቁጥሩን ከእጥፍ በላይ አያሳድገውም። ቴኖፎቪር የሚባለው ጓደኛው ግን ለደከመ ኩላሊት ስለማይስማማ መለወጡ መጠየቅ ነበረበት።

ሁለተኛው ወጥመድ «የለም» የሚለው ቃል ነው። በመጀመሪያው ረቂቄ «ካንሰሩ ወደ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም» ብዬ ነበር። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ፤ ማን አይቶ ነው? ኤምአርአዩ የተነሣው ዳሌዋ ብቻ ነው። ከዳሌ በላይ፣ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎችና ሳንባዋን ማንም አላያቸውም። «የለም» እና «አልታየም» በወረቀት ላይ ሲታዩ ጎረቤት ናቸው፤ ለጨረር ሐኪሟ ግን ጨረሩ እስከየት ከፍ ይበል የሚለውን የሚወስኑ ናቸው። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ሲቲ ስካን አስነሣናት፤ ቀለሙ ኩላሊቷን እንዳይጎዳው ያለ ቀለም። ያበጠ ነገር አልተገኘም። ማጠቃለያው ላይ ግን «ያለ ቀለም የተነሣ» የምትለዋን ተውኳት፤ ያለ ቀለም ትናንሽ ነገሮች ሊያመልጡ ይችላሉና።

ሦስተኛው ከካርዱ ውስጥ አይገኝም፤ አልጋው ዘንድ መሄድ ይጠይቃል። ካርዷ ላይ ደጋግሞ «በጣም ደካማ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቃል በጉባኤ ፊት ፍርድ ነው፤ «በጣም ደካማ» የተባለች ሴት ለአምስት ሳምንት ጨረር አትታሰብም፣ ሕመም ማስታገሻ ይበቃታል ይባላል። የደከመችበት ቀን ግን ሄሞግሎቢኗ 7.2 ነበር። ሁለት ከረጢት ደም ከተሰጣት በኋላ 9.1 ደርሶ፣ ሳገኛት ኮሪደር ላይ ከአስታማሚዎች ጋር ቆማ ታወራ ነበር። ልብሷን ራሷ ታጥባለች፣ ቀላል ሥራ ትሠራለች፤ ኢኮግ በሚባለው ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ 1 ላይ ናት። ደም በማነሱ የመጣ ድካምና በሽታው ራሱ ያመጣው ድካም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ይታከማል።

እዚያው ቆመን ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። መዳን ትፈልጋለች። ቱቦ በጀርባዋ ሊገባ እንደሚችል ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ «ገበያ ሰው ሁሉ ያየዋል?» አለች። በልብስ እንደሚሸፈን ነገርኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ደግሞ ልጇ ካንሰሩን እንደሚያውቅ፣ የቫይረሱን ነገር ግን እንደማያውቅ ነገረችኝ። ይህን ለጉባኤው መንገር ግድ ነው። ጉባኤው እንደተነሣ ከሐኪሞቹ አንዱ ከልጁ ጋር ኮሪደር ላይ መገናኘቱ አይቀርምና።

ሐሙስ ያቀረብኩት ይህን ነው፦

«ጥያቄ፦ ሽንት ማፍሰሻ ቱቦ ገብቶላት ኩላሊቷ ካገገመ ጨረርና ሲስፕላቲን በአንድነት እንስጣት? ካላገገመ ጨረር ብቻ? ቱቦው በየትኛው ወገን ይግባ?

የ47 ዓመት ሴት። የማህፀን በር ካንሰር፣ ስኳመስ ሴል፣ ባዮፕሲ ጥቅምት 12። ዕጢው 6 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱም ኩላሊቶች ሽንት ቋጥረዋል፤ የግራው ሥጋ ደህና፣ የቀኙ ሳስቷል (ኤምአርአይ፣ ታኅሣሥ 3)። ደረጃ 3ቢ። ሆድና ደረት፦ ያለ ቀለም በተነሣ ሲቲ ሥርጭት አልታየም። ክሬአቲኒን 0.9 (ጥቅምት)፣ 1.6 (ኅዳር)፣ 2.4 (ታኅሣሥ)። ሄሞግሎቢን 7.2፣ ከደም በኋላ 9.1። ኢኮግ 1። ኤች አይ ቪ፦ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም (ነሐሴ)፤ ቴኖፎቪር ይለወጥ? ስኳር፦ ሜትፎርሚን በኩላሊቷ ምክንያት ቆሟል። ለመዳን ሕክምና ትፈልጋለች፤ ቱቦውን ተቀብላለች። አዲስ አበባ ማረፊያ የላትም። ልጇ ኤች አይ ቪ እንዳለባት አያውቅም።»

የጤና ጣቢያው የስምንት ወር መድኃኒቶች አልገቡም። የልጆቿ ቁጥር፣ የልጅነት የወባ ታሪኳ፣ ጤነኛ የሆኑት የጉበት ምርመራዎቿ አልገቡም። መቁረጡ ያስፈራል፤ የሚጠይቅ ቢመጣ ካርዱ አጠገቤ ነበር፣ የሚያስፈልጉት ገጾች ጫፋቸው ታጥፎ። የማሳጠር ሥራ ግን አንድ የማልወደው ጠባይ አለው፤ ምን እንደሚሰማ የሚመርጠው ጸሐፊው ነው። «ኢኮግ 1» በማለቴ ጉባኤውን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደገፋሁት አውቃለሁ። ስለዚህ መለኪያውን ብቻ ሳይሆን ያየሁትን፣ ልብስ ማጠቧን፣ በቃል ጨመርኩ፤ ካልተስማሙ በምን እንደማይስማሙ እንዲያውቁ።

አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። የቀረውን ሦስት ደቂቃ እነሱ ተነጋገሩበት። የሽንት ቧንቧ ሐኪሙ የቀኙን ኩላሊት ተወት አድርጎ «ሥጋው ካለው እንጀምር» አለ፤ በዚያው ሳምንት በግራ በኩል ቱቦ እንዲገባ ተወሰነ። የጨረር ሐኪሟ ዝግጅቱን እስከዚያው እንደምትጀምር ተናገረች፤ ጠቅላላ ሕክምናው ከስምንት ሳምንት እንዳይዘልቅ ትጠነቀቃለች። ሲስፕላቲን የሚወሰነው ክሬአቲኒኗ እንደገና ከታየ በኋላ ነው። ቁጥሩ ወደ 1.1 ቢወርድ የኩላሊቷ ማጣሪያ ከ50 ትንሽ ይበልጣል፤ ጠባብ ነው፣ ግን ይቻላል።

የውሳኔው ቅጽ ታች ላይ «ለሕመምተኛዋ የሚነግረው» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል። ነርሷ ብዕር ተቀብላኝ ስሟን ጻፈችበትና ወደ ክፍሉ ሄደች። ስትመለስ እናቲቱ አንድ ነገር ብቻ መጠየቋን ነገረችኝ፤ የአትክልት ቅርጫቷን የምትሸከመው በግራ ጎኗ ነውና ቱቦው ወደ ቀኝ መዛወር ይችል እንደሆነ። ይህንን ከስድሳው ገጽ በየትኛውም ላይ ማግኘት አልችልም ነበር። የሽንት ቧንቧ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ።