ሶፍትዌሩ «ማሽን ጻፈው» ሲል፦ ስለ ተጠረጠረ አሳይመንት ተረትና እውነታ

ከከሚሴና በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ ደረጃን የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛን አክሎበታል፤ አሳይመንቱን የሚጽፈው ግን ሦስተኛ ቋንቋው በሆነው እንግሊዝኛ ነው። ዲፓርትመንቶች ኤአይ ጻፈው ተብሎ ስለሚጠረጠር ሥራ መመሪያ ሲያወጡ ይህን ተማሪ ፊታቸው አስቀምጠው ቢጽፉ መልካም ነው፤ የተለመዱት እምነቶች በቅድሚያ የሚጎዱት እርሱን ነውና።

«ሶፍትዌሩ ካለ አለቀ» የሚለው እምነት በቁጥር ይፈተን። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መለያ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። ድርጅቱ ባመነው መሠረት መሣሪያው ከማሽን ጽሑፎች የሚይዘው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ከሰው ጽሑፎች ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት ይከሳል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘጋው። እነዚህን ቁጥሮች 60 ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል እናምጣቸው፤ ስድስቱ በማሽን አጽፈዋል እንበል። መሣሪያው ከስድስቱ አንድ ወይም ሁለት ይይዛል፤ በራሳቸው ከጻፉት 54 ተማሪዎች ደግሞ አምስት ያህሉን ይከሳል። መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀርቡት ስድስት ወይም ሰባት ስሞች አብዛኞቹ የንጹሐን ናቸው ማለት ነው። ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች የተሻሉ ቢሆኑም ስሌቱ አይለወጥም፤ ያጭበረበሩት ጥቂት ሲሆኑ ትንሽ የስህተት መጠን እንኳ ብዙ ንጹሐንን ያስከስሳል። አሜሪካ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የተርኒቲንን የኤአይ መለያ ያጠፋው ይህንኑ አስልቶ ነው፤ በ2022 ያስመረመራቸው ሥራዎች 75,000 ስለነበሩ አንድ በመቶ ስህተት ብቻ 750 ያህል ሥራዎችን በሐሰት ያስከስስ ነበር።

«በራሱ የጻፈ ምን ያስፈራዋል?» ይባላል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት መለያዎችን፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ፈተኑ። መለያዎቹ በአማካይ 61 በመቶውን የማሽን ሥራ አሏቸው፤ የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰቶች ግን በትክክል ለዩ ለማለት ይቻላል። ምክንያቱ የመለያዎቹ አሠራር ነው። ቀጣዩ ቃል በቀላሉ የሚገመት ከሆነ ጽሑፉን ለማሽን ይሰጡታል። በሦስተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ተማሪ ደግሞ የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት ይደጋግማል፣ በትምህርት ቤት የሸመደዳቸውን ማያያዣዎች ይጠቀማል፣ ዓረፍተ ነገሩንም ያሳጥራል።

ቻትጂፒቲን ራሱን «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» ብሎ መጠየቅም ማስረጃ አይሆንም። የጻፈውን መዝግቦ የሚያመሳክርበት መዝገብ የለውም፤ ላልጻፈውም አዎ ሊል ይችላል።

«የፋይሉ ታሪክ አይዋሽም» የሚለው እኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ተማሪ ረቂቁን በእጁ ጽፎ ኮምፒውተር ቤት ያስተይባል። የዎርድ ፋይሉ `Author` ላይ የሱቁን ኮምፒውተር ተጠቃሚ ስም፣ `Total Editing Time` ላይ አርባ ደቂቃ ያሳያል፤ የተማሪው የሁለት ሳምንት ልፋት ግን ደብተሩ ላይ ነው። ስለዚህ መመሪያው የእጅ ረቂቅን፣ በስልክ የተነሳ ፎቶውንም ጭምር በማስረጃነት መቀበል አለበት።

«ታዲያ ቁጥሩን ካላመንን እጃችን ታሰረ» የሚሉ መምህራን አሉ። አልታሰረም። የሶፍትዌር ውጤት ብቻውን ክስ እንዳይከፍት መመሪያው በግልጽ ይከልክል፤ መምህሩ ጽሑፉ ውስጥ ራሱ ያየውን ይጥቀስ። ከሁሉ ጠንካራው የሌለ ምንጭ ነው። ተማሪው የጠቀሰው መጣጥፍ በተባለው መጽሔት፣ ቅጽና ገጽ ላይ ከሌለ ማንም ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ተገኘ ማለት ነው። እርሱም ቢሆን ከሌላ ሰው የተቀዳ ስህተት ሊሆን ስለሚችል ተማሪው ይጠየቅበት።

ከዚያ ተማሪው የትኞቹ አንቀጾች እንዳጠራጠሩ በጽሑፍ ይነገረው፤ ረቂቁን ሰብስቦ ለመምጣት ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ይሰጠው። ውይይቱን ጠርጣሪው መምህር ብቻውን አይምራው፣ ውሳኔውንም እርሱ አይስጥ። ሁለት ሌሎች መምህራን ለሃያ ደቂቃ ያህል ከሥራው ውስጥ ይጠይቁት፦ ይህን ምንጭ ለምን መረጥህ? ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ? ይህ አንቀጽ ቢወጣ ክርክርህ ምን ይጎድለዋል? በእኔ እምነት ሊታለፍ የማይገባው፣ ተማሪው በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ እንዲመልስ መፍቀድ ነው፤ አስፈላጊ ከሆነም ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ይገኝለት። የሚመረመረው ሥራው የእርሱ መሆኑ ነው፤ በእንግሊዝኛ መንተባተቡ ጥፋት ሆኖ መቆጠር የለበትም። ድንጋጤ አንደበት ያስራልና ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሁን፤ እዚያው ተቀምጦ ተመሳሳይ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ዕድል ይሰጠው።

ጉዳዩ እስኪዘጋ ውጤቱ ይቆይ እንጂ ዜሮ አይሞላበት። ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰው፤ ይግባኙን የሚያይ አካልና የሚያቀርብበት ቀነ ገደብም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። መመሪያው ራሱ መነበብ ያለበት አሳይመንቱ በተሰጠ ዕለት ነው። ሰዋስው ለማረም ወይም ቃል ለመተርጎም ኤአይ መጠቀም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውም በጥያቄው ወረቀት ላይ ይስፈር፤ አስቀድሞ ባልተነገረው ክልከላ ማንም ሊቀጣ አይገባም።