ለሚፈራ እንግዳ ስለሚዘጋጅ ጥያቄ

ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ለማንሣት የሚነሡ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ሃያ ያህል ጥያቄ በወረቀት ደርድረው ይሄዳሉ። እንግዳው ንግግር የለመደ ሰው ከሆነ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ጥያቄው ደካማ ቢሆን እንኳ መልሱን ራሱ ያሳምረዋል። ካሜራ ፊት ቀርቦ ለማያውቅ ሰው ግን የተደረደረ ጥያቄ ከፖሊስ ምርመራ ብዙም አይለይበትም። ለእንዲህ ያለው እንግዳ የሚጻፈው ጽሑፍ ሌላ ዓይነት ስለሆነ፣ አንድ ምሳሌ ይዘን እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ምሳሌአችን ከለቡ ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር የመንገደኛ ጣቢያው በለቡ በኩል ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ባቡር ደግሞ መድረሻው ለገሃር እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። በአሮጌው ባቡር መካኒክ ሆነው ያገለገሉ አንድ ጡረተኛ ዛሬ የሚኖሩት ከአዲሱ ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ሥፍራ ነው። እኛም የስድስት ደቂቃ ፊልም እንዲሆን አስበን ጠየቅናቸው። የመጀመሪያ መልሳቸው «እኔ ደግሞ ምን የሚነገር አለኝ ልጆቼ» የሚል ነበር። ይህን ትሕትና ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ግማሹ ፍርሃት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ «ጥያቄውን ስጡኝ» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄውን በሙሉ መስጠት አይገባም፤ ምክንያቱም እንግዳው ሌሊቱን መልሱን ሲያጠና ያድርና በማግሥቱ የሚናገረው ሳይሆን የሚያነበንበው ይሆናል። ይህ ሲሆን በቀላሉ ይታወቃል፦ ዓይኑ ወደ ላይ ያያል፣ ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ ይስተካከላል፣ «እኔ» ማለቱን ትቶ «ሠራተኛው» ማለት ይጀምራል። ምንም አለመስጠትም ጭካኔ ነው። ስለዚህ ለጋሼ የሰጠናቸው ሦስት ርእስ ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደ ተቀጠሩ፣ ሥራው ምን እንደ ነበረ፣ ባቡሩ የቆመ ጊዜ ምን እንደ ተሰማቸው። በዚያ ላይ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ቃል በቃል ነገርናቸው። የሚፈራ ሰው በጣም የሚጨነቀው በአጀማመሩ ነውና፣ በሩ የት እንዳለ ካወቀ ግማሹ ጭንቀት ይቀልለታል።

አሁን ወደ ጥያቄው አሠራር እንምጣ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ፣ ረጅም ጥያቄ የሚፈራን ሰው ያስጨንቃል። «ያን ጊዜ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣው ባቡር ላይ ስትሠሩ በሌሊት ብልሽት ሲያጋጥም የነበረው አሠራር እንዴት ነበር?» ብንላቸው፣ ጋሼ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ምን እንደሚጠየቁ ሳያውቁ ትንፋሻቸውን ይዘው መቆየታቸው ነው። ይህንኑ በሁለት ብንከፍለው ይሻላል፦ «ባቡሩ በሌሊት ይበላሽ ነበር አሉ። እስቲ አንዱን ሌሊት ይንገሩኝ።» የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሥፍራውን ያሳያቸዋል፤ ሁለተኛው ሥራ ይሰጣቸዋል። «ይንገሩኝ» የሚለው ቃል ከ«ነበር ወይ?» የሚበልጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ለ«ወይ» መልሱ «አዎን» ነው፤ የጠያቂው ድምፅ በቅንብር ጊዜ ሲወጣ ደግሞ ብቻውን የቀረ «አዎን» ለምንም አይጠቅምም።

ጽሑፋችን ዋና ጥያቄ የያዘው ሰባት ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእጅ ጥያቄዎች ናቸው፤ ማለት አሳብ የማይጠይቁ፣ እጅና ዓይን የሚያውቁትን የሚጠይቁ። «ጠዋት ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያነሡት መሣሪያ ምን ነበር?» ጋሼ ይህን ሲመልሱ ወንበሩን ጨብጦ የነበረው እጃቸው ተለቀቀና መፍቻ ማዞር ጀመረ። ጠያቂ መጠበቅ ያለበት ይህን ምልክት ነው። እጅ ሳይለቀቅ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ መሄድ አያስፈልግም፤ ሌላ የእጅ ጥያቄ በመጠባበቂያ መያዝ ነው። ከባዱ ጥያቄ፣ የባቡሩ መቆም ማለት ነው፣ የተቀመጠው አምስተኛ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ብናደርገው እንግዳው በደከመበት ሰዓት ይመጣል፤ ደግሞም ኀዘናቸውን ቀስቅሶ «እናመሰግናለን» ብሎ መነሣት ነውር ነው።

ተከታይ ጥያቄ አስቀድሞ ሊጻፍ አይችልም የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይቻላል እንላለን፤ የሚጻፈው ቃሉ ሳይሆን ዓይነቱ ነው። በየዋናው ጥያቄ ሥር ሁለት አጫጭር ማስታወሻ ጻፍን፤ አንዱ «ባዕድ ቃል ከመጣ»፣ ሌላው «አጭር መልስ ከመጣ» ይላል። ጋሼ «ሊትሪናውን እኔ ነበርኩ የማየው» ሲሉ የመጀመሪያው ማስታወሻ ሠራ። የዛሬ ተመልካች ሊትሪና ምን እንደሆነ አያውቅምና «ሊትሪና አይቼ አላውቅም፤ ምን ይመስል ነበር?» አልናቸው። መንገደኛ የሚጭን፣ ሞተሩ ከራሱ ጋር የሆነ ፉርጎ መሆኑን በእጃቸው እየሣሉ አስረዱን። አስተማሪ ሆኑ፤ አስተማሪ ደግሞ አይፈራም። ለአጭር መልስ የጻፍነው ማስታወሻ ግን ጥያቄ እንኳ አይደለም፤ «ዝም በል፣ እስከ አራት ቁጠር» የሚል ነው። የሚፈራ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ከጭንቀቱ ለመገላገል የሚሰጠውን ነው። ጠያቂው ፊቱን ሳያጠቁር ቢታገሥ ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ ተከትሎ ይመጣል። ከአራት በላይ መቁጠር ግን አይገባም፤ ዝምታው ወቀሳ ይመስላል።

መሸጋገሪያውን በሚመለከት ብዙዎች «አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ርእስ እንለፍ» ብለው ይጽፋሉ። እንግዳው ይህን ሲሰማ ያለፈው መልሱ እንዳላስደሰተ ይጠረጥራል፤ አዲስ ፈተናም እንደ ተጀመረበት ይቆጥራል። የሚሻለው ከራሱ ከእንግዳው ቃል ላይ ተነሥቶ መሻገር ነው። በወረቀታችን ላይ ከሥራው ወደ ባቡሩ መቆም የሚያሻግረን ዐረፍተ ነገር ባዶ ቦታ ነበረው፦ «ቅድም ስለ ... ነግረውኛል። ያ ነገር መጨረሻው ምን ሆነ?» ባዶውን የሞላልን ራሳቸው ያመጡት ቃል ነው፤ «ቅድም ስለ ሊትሪናው ነግረውኛል። መጨረሻው ምን ሆነ?» አልን። ስለ ድርጅቱ መዘጋት ቢጠየቁ የሚሰጡት የጋዜጣ መልስ በሆነ ነበር፤ ስለ ሊትሪናቸው ሲጠየቁ ግን ድምፃቸው ቀነሰ።

እዚያ ላይ ቋንቋቸው ተያዘ። እንዲህ ሲሆን «ከመጀመሪያው እንደገና ይበሉልን» ማለት ክፉ ነው፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል። ጠያቂው «ግድ የለም ጋሼ፣ በኋላ እንመለስበታለን» ብሎ ውሃ አቀረበላቸውና ወደ አንድ የእጅ ጥያቄ ወረደ፤ መጠባበቂያው የሚያስፈልገው ለዚህ ጊዜ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሌላ በር ገባ፦ «ከሥራ የወጡ ቀን ወደ ቤት ያመጡት ዕቃ አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ አንድ የዛገ መፍቻ አመጡ። የፊልሙ ፍሬ እርሱ ሆነ፤ ከአርባ ደቂቃ ንግግር መካከል ሳይቆረጥ ሙሉ በሙሉ የገባው ይኸው ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ «ሳንጠይቅዎ የቀረ ነገር አለ?» የሚል ነው፤ ካሜራው ገና እየሠራ እያለ ይጠየቃል። ካሜራው እየቀዳ መሆኑን እንግዳው እንዲያውቅ ማድረግ ግዴታ ነው። ጋሼም ዘወር ብለው ካሜራውን አይተው «ያቺ የስም ነገር ትውጣ» አሉን። ከመካከል የአንድ አለቃቸውን ስም በክፉ አንሥተው ነበርና፣ ማታውኑ አወጣናት።