«ሠርቻለሁ» ወይስ «ሠርተዋል»? ስለ ራስ የሚጻፍ አጭር መግለጫ በማን አፍ ይነገር?

የስብሰባ አዘጋጆች ለተናጋሪ በሚልኩት ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «እባክዎ ከ100 ቃላት ያልበለጠ አጭር የሕይወት ታሪክዎን ይላኩልን» የምትል መስመር አትጠፋም። ጥናቱን በወጉ አዘጋጅቶ የጨረሰ ባለሙያ ሳይቀር እዚህች መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይያዛል። «በውኃ ምህንድስና ተመርቄያለሁ» ይበል? ወይስ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ «ተመርቋል»? ዕድሜውና ማዕረጉ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ «ተመርቀዋል» ብሎ ራሱን አንቱ ይበል?

ብዙዎች ጉዳዩን የትሕትናና የኩራት ጥያቄ አድርገው ያዩታል። አንደኛው መደብ ትሑት፣ ሦስተኛው መደብ ደግሞ ኩሩ ይመስላቸዋል። በእኔ እምነት መነሻው ሌላ ነው። መጠየቅ ያለበት ጽሑፉን አንባቢው ወይም አድማጩ ከማን አፍ እንደሚሰማው ነው። አንደኛ መደብ «እኔ ራሴ እያነጋገርኳችሁ ነው» ይላል። ሦስተኛ መደብ «ሌላ ሰው እያስተዋወቀኝ ነው» ይላል። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ነው ጽሑፉ ጆሮ የሚሻክረው።

አንዲት የውኃ መሐንዲስ እንውሰድ፤ እገሊት እንበላት። በገጠር የመጠጥ ውኃ ሥራ ላይ 14 ዓመት ቆይታለች፤ አሁን የአንድ ክልል የጥገና ቡድን ትመራለች። ለአንድ የባለሙያዎች ጉባኤ ይህን ላከች እንበል፦

«ስሜ እገሊት ይባላል። በውኃ ሀብት ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ላለፉት 14 ዓመታት በገጠር የመጠጥ ውኃ አቅርቦት ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን የጥገና ቡድን እመራለሁ።»

ጽሑፉ በራሱ ምንም እንከን የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ የመድረክ መሪው እጅ ሲገባ ነው። ይህ ሰው መነጽሩን አስተካክሎ እያነበበ፣ በዚያው ቅጽበት «ስሜ»ን «ስሟ»፣ «አለኝ»ን «አላት»፣ «ስሠራ ቆይቻለሁ»ን «ስትሠራ ቆይታለች» እያደረገ መቀየር አለበት። በአማርኛ መደቡ በግሱ ፊትና ኋላ ተጣብቆ ስለሚመጣ አንዲት ቃል አውጥቶ በሌላ በመተካት አይገላገልም፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ይኖርበታል። ሦስቱን ይገለብጥና አራተኛው ላይ ያመልጠዋል። ከዚያ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት «የጥገና ቡድን እመራለሁ» ብሎ ቁጭ ይላል። ለመድረክ የሚላክ ጽሑፍ በሦስተኛ መደብ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ለሌላ ሰው አፍ የተሰፋ ጽሑፍ ስለሆነ። እንዲህ ቢላክ ያለ ጭንቀት ይነበባል፦

«ኢንጂነር እገሊት በገጠር የመጠጥ ውኃ አቅርቦት ላይ 14 ዓመት ሠርታለች። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ሥራ ከጀመሩ በኋላ በአጭር ጊዜ ለምን አገልግሎት እንደሚያቋርጡ ታጠናለች። አሁን የአንድ ክልል የጥገና ቡድን ትመራለች። ዛሬ የምታቀርበው ጥናት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች የሚገጥማቸውን የመለዋወጫ እጥረት ይመለከታል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ ዕለቱ ርእስ ያደርሳል፤ የመድረክ መሪው ከዚያ በኋላ መድረኩን ለእሷ መልቀቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህንኑ ጽሑፍ ቀድታ ሊንክድኢን ገጿ ላይ ብትለጥፈው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እዚያ ፎቶዋ አለ፣ መልእክት የሚላከው በቀጥታ ለእሷ ነው፣ የሚመልሰውም እሷው ናት። «ኢንጂነር እገሊት ትመራለች» የሚለውን ያነበበ ሰው «ታዲያ ይህን የሚነግረኝ ማን ነው?» ይላል። ወይ ገጹን ሌላ ሰው ይዞላታል፣ ወይም ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የመጣ ነው ብሎ ያልፋል። ጽሕፈት ቤታቸው ገጻቸውን የሚያስተዳድርላቸው ትልልቅ ኃላፊዎች ዘንድ ይህ እውነት ስለሆነ ያስኬዳል። ሥራ ለሚፈልግ ወይም የሙያ ባልደረባ ለሚፈልግ ሰው ግን በሩን ገርበብ ያደርግበታል። ሊንክድኢን ለዚህ ክፍል እስከ 2600 ፊደል ይፈቅዳል፤ ጎብኚው ተጨማሪውን ካልከፈተ በቀር የሚታየው ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በሰው ድምፅ ቢጀምር ይሻላል፦

«ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ፓምፑ ተተክሎ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ የሚሆነውን እከታተላለሁ። በገጠር የመጠጥ ውኃ ሥራ ላይ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ አሁን የአንድ ክልል የጥገና ቡድን እመራለሁ። በመለዋወጫ አቅርቦት ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።»

ፍሬ ነገሩ ከመድረኩ ጽሑፍ ጋር አንድ ነው። የመጨረሻዋ ግብዣ ግን በሦስተኛ መደብ ልትባል አትችልም። «ኢንጂነር እገሊት ብትነጋገሩ ደስ ይላታል» የሚለውን ጸሐፊዋ ካልሆነች በቀር ማን ይለዋል?

አሁን ወደ አንቱታው እንምጣ። አማርኛ ሦስተኛ መደብን በአንድ መልክ አይሰጠንም። «ሠራ»፣ «ሠራች»፣ «ሠሩ» ካሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ምርጫው ደግሞ ጸሐፊው ራሱን የት እንዳስቀመጠ ይናገራል። አንድ የ28 ዓመት የሶፍትዌር ባለሙያ በራሱ ድረ ገጽ ላይ «በርካታ መተግበሪያዎችን ሠርተዋል» ብሎ ስለ ራሱ ቢጽፍ፣ ራሱን አንቱ ማለቱ ከሥራው ቀድሞ ይታያል። በአንጻሩ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ለመድረክ በላኩት ወረቀት ላይ «አስተምሯል» ብለው ቢጽፉ፣ ትሕትናቸው የወጣቱን የመድረክ መሪ አፍ ያስራል። እሱ በአደባባይ ታላቁን ሰው አንተ ሊል አይችልም፤ ስለዚህ እያነበበ መቀየሩ አይቀርም። መለኪያው እዚህም ያው ነው። አክብሮቱ የተናጋሪው ነው። የሚያነበው ሰው እርስዎን አንቱ የሚል ከሆነ፣ «አስተምረዋል» ብለው ቢጽፉለት ራስዎን ማክበር አይሆንም፤ የእሱን ንግግር ለእሱ ማዘጋጀት ነው። አንባቢው በቀጥታ እርስዎን የሚያገኝበት ቦታ ከሆነ ደግሞ «አስተምሬያለሁ» ይበሉና ከጭንቀቱ ይውጡ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ነገር አለ። «ተመርቄያለሁ» የጸሐፊውን ጾታ አይናገርም፤ «ተመርቀዋል»ም እንዲሁ። «ተመርቋል» እና «ተመርቃለች» ግን ይናገራሉ። ሰላም ወይም ብርሃን የሚባል ሰው፣ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ያለው፣ በአንደኛ መደብ ጽፎ ቢልክና አዘጋጁ በፕሮግራሙ መጽሔት ላይ ራሱ ቀይሮ ቢያትመው፣ በግምት «ነች» ወይም «ነው» ማለቱ ነው። የተሳሳተ ግምት ደግሞ አንድ ጊዜ ከታተመ አይመለስም። በሦስተኛ መደብ ራስ ጽፎ መላክ ከዚህም ያድናል።

በአማርኛ ሦስተኛው መደብ ከሌላው ቋንቋ ይልቅ የሚከብድበት ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ጆሯችን ይህን ድምፅ በደንብ የሚያውቀው ከቀብር ላይ ነው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በ… ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» እያለ የሚሄደው ንባብ ሁላችንም ዘንድ አለ። ከትውልድ ተነሥቶ፣ በትምህርት አልፎ፣ በሥራ ዓመታት ዘልቆ፣ «ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት» ላይ ይደርሳል። አንድ ባለሙያ የሙያ መግለጫውን በዚሁ ቅደም ተከተል ከጻፈው፣ አድማጩ ሳያውቀው የሐዘን ድንኳን ውስጥ ይገባል። ማስተካከያው መደቡን መለወጥ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። አሁን በሚሠራው ይጀመር፤ በአሁን ጊዜ ግስ፣ «ይመራሉ»፣ «ያጠናሉ» ይባል። ያለፈው ከዚያ ይከተል፤ የትውልድ ቦታ ለጉዳዩ ካላስፈለገ ይቅር። የእገሊት የመድረክ ጽሑፍ የት እንደተወለደች አይናገርም፤ ያጎደለውም ነገር የለም።

ሦስተኛው መደብ ሌላም ፈተና አለው፤ ውዳሴ ያቀልላል። «ስመ ጥር»፣ «አንጋፋ»፣ «ታዋቂ»፣ «በሙያው አንቱ የተባለ» የሚሉ ቃላት ሌላ ሰው የተናገራቸው ስለሚመስሉ በቀላሉ ይገባሉ። አንባቢው ግን ማን እንደጻፈው ያውቃል። ለዚህ የምመክረው ፈተና አንድ ነው፦ ጽሑፉን ወደ አንደኛ መደብ ገልብጠው ጮክ ብለው ያንብቡት። «እኔ ስመ ጥር መሐንዲስ ነኝ» ለማለት አንደበትዎ እንቢ ካለ፣ ቃሉ በሦስተኛው መደብም ይውጣ። «14 ዓመት ሠርቻለሁ» ግን ያለ ኀፍረት ይነገራል፤ ስለዚህ ይቆያል።

አንደኛው መደብም የራሱ ጣጣ አለው። በአማርኛ ግሱ ብቻውን ባለቤቱን ስለሚናገር «እኔ» የምትለው ቃል በአብዛኛው ትርፍ ናት፤ ስትገባ ደግሞ «ሌላው ሳይሆን እኔ» የሚል ፉክክር ይዛ ትገባለች። «እኔ ፕሮጀክቱን መርቻለሁ» እና «ፕሮጀክቱን መርቻለሁ» አንድ አይደሉም። ከዚህ የሚከብደው የቡድን ሥራን ጠቅልሎ መውሰድ ነው። እገሊት «የ40 ቀበሌዎችን ውኃ አስገብቻለሁ» ብትል፣ ቆፋሪውም፣ ኤሌክትሪሻኑም፣ የቀበሌው የውኃ ኮሚቴም ይጠፋሉ፤ አብሯት የሠራ ሰውም ገጹን ያነበዋል። «ውኃ ባስገባው ቡድን ውስጥ የዲዛይን ሥራውን መርቻለሁ» ቢባል ድርሻዋ ጥርት ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለው ልክ ያለው አነጋገር ቀጣሪን ይበልጥ ያሳምናል ብዬ አምናለሁ።

በተግባር በብዛት የማየው ስሕተት ግን የሁለቱ መደባለቅ ነው። «እገሊት ታጠናለች» ብሎ ጀምሮ፣ መሐል ላይ «ልምዴ» ብሎ፣ «በስልክ ያግኙኝ» ብሎ የሚጨርስ ጽሑፍ ከየቦታው ተቀዳዶ የተሰፋ መሆኑ ያስታውቃል። በአማርኛ ይህን ለመያዝ ቀላል ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚወድቅ፣ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በፊት ያለውን ቃል ብቻ እያነበቡ ይውረዱ፦ «ታጠናለች፣ ትመራለች፣ ቆይቻለሁ» ካለ፣ የተሳሳተው ራሱ ይጮኻል። ከዚያ «ልምዴ»፣ «ሥራዬ» የመሳሰሉትን ባለቤት አመልካቾች ደግሞ ለብቻ ይፈልጉ፤ እነሱ መሐል ላይ ስለሚደበቁ ያመልጣሉ።

ምርጫው ከእጅዎ የሚወጣበት ጊዜም አለ። የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ምንጊዜም በአንደኛ መደብ ነው። በኤሌክትሪክና በኮምፒውተር ምህንድስና የታወቀው IEEE በብዙ መጽሔቶቹ ላይ ከጥናቱ መጨረሻ የሚያትመው የደራሲ መግለጫ በሦስተኛ መደብ የሚጻፍ ሲሆን፣ መመሪያው የመጨረሻውን አንቀጽ በማዕረግና በቤተሰብ ስም እንዲጀመር ያዛል። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ችግር አለ፤ በእንግሊዝኛው ሥርዓት መጨረሻ ላይ የሚቆመው የአባት ስም ስለሆነ፣ መሐንዲሷ በአባቷ ስም ትጠራለች። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ባለሙያዎቻችን ይህን በየቀኑ ያውቁታል። ሦስተኛ መደብን ራስ መጻፍ እዚህ ጥቅም አለው፦ ደንቡ ጥብቅ ባልሆነበት ቦታ ሁሉ፣ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ በራስዎ ስም «ዶክተር እገሊት» ብለው ይጻፉ፤ መድረክ መሪውም፣ አርታኢውም ከዚያ በኋላ የሚከተለው የጻፉትን ነው።