ሦስት መምህራን፣ አንድ የክፍልፋይ ትምህርት

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ይሆናል ሲባል ብዙ ጊዜ 2/5 ይላል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ነው። መምህሩ ስህተቱን አርሞ የጋራ ታህት አፈላለጉን ሰሌዳ ላይ ያሳያል፤ ተማሪውም ይገለብጣል። ፈተና ሲመጣ ግን ያው 2/5 ተመልሶ ይመጣል።

ጃፓናውያን መምህራን ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ አላቸው። ጥቂት መምህራን አንድን ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ይመለከታሉ፤ ከዚያ ተወያይተው ያሻሽሉታል። በ1999 እ.ኤ.አ. ጄምስ ስቲግለርና ጄምስ ሂበርት ባሳተሙት መጽሐፍ አማካይነት አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ከታወቀ ወዲህ ሌሰን ስተዲ በሚለው ስም ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ሦስት የሂሳብ መምህራን ይህን ለመሞከር የጥናት ዕቅድ ጻፉ እንበል። የመጀመሪያው መስመር ጥያቄያቸው ነው። «የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል» ብለው ቢጽፉ አንድ ክፍለ ጊዜ ሊመልሰው አይችልም። «ልጆች ታህትን ከታህት መደመር ትክክል አለመሆኑን በራሳቸው እንዲያዩ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?» ቢሉ ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ የሚታይ ነገር ይኖራቸዋል።

ቀጥሎ የቁጥር ምርጫ ይመጣል። በ1/2 + 1/4 ቢጀምሩ መቀየር ያለበት አንዱ ክፍልፋይ ብቻ ስለሆነ ዋናው ችግር ይሸፈናል። በ2/3 + 3/4 ቢጀምሩ ደግሞ ድምሩ ከአንድ ሙሉ ስለሚበልጥ ሌላ ችግር ይደረባል። 1/2 + 1/3 የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም የተሳሳተው መልስ 2/5 ከ1/2 ያንሳል። በግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ መልስ እንዴት ይመጣል? መምህሩ «ተሳስታችኋል» ሳይል ልጆቹ ራሳቸው ሊደነቁበት ይችላሉ።

ዕቅዱን ከተለመደው የትምህርት ዕቅድ የሚለየው ልጆቹ ምን ሊመልሱ እንደሚችሉ አስቀድሞ መጻፉ ነው። አንዳንዱ 2/5 ይላል፤ አንዳንዱ ሥዕል ስሎ እዚያው ይቆማል፤ አንዳንዱ ከታላቅ ወንድሙ በተማረው ሕግ 5/6 ያገኛል፣ ለምን ሲባል ግን ማስረዳት ያቅተዋል። ከየመልሱ ጎን መምህሩ የሚያነሳው ጥያቄ ይሰፍራል።

በትምህርቱ ቀን አንዱ ያስተምራል። ሁለቱ የሚመለከቱት መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ነው፤ እያንዳንዳቸው አራት አራት ልጆች ይመርጡና የጻፉትን፣ የተናገሩትንና የሰረዙትን ይመዘግባሉ። ልጅ ሲቸገር አይረዱም፤ ከረዱ የሚያዩት የራሳቸውን ሥራ ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ልጅ አስቀድሞ በስድስት እኩል ክፍል የተሰመረ የወረቀት ጥብጣብ ተሰጠው እንበል። ልጆቹ ሦስት ክፍልና ሁለት ክፍል ቀለም ቀብተው 5/6 ይላሉ። ከፊት ቆሞ ላየው ትምህርቱ ሠምሯል። የተመልካቾቹ ማስታወሻ ግን ሌላ ይናገራል፤ «ስድስት ከየት መጣ?» ሲባሉ ልጆቹ «ጥብጣቡ ላይ ነው» ይላሉ፤ ያለ ጥብጣብ 1/3 + 1/4 ሲሰጣቸው ደግሞ 2/7 ይጽፋሉ። ማሰብ የነበረባቸውን መስመሩ አስቦላቸዋል።

በውይይቱ ቀድሞ የሚናገረው ያስተማረው መምህር ነው፤ ሌሎቹ ከማስታወሻቸው ያዩትን ብቻ ያቀርባሉ። ከዚያ ዕቅዱ ይለወጣል። ልጆቹ ምንም ያልተሰመረባቸው ሁለት ቁራጮች ይሰጧቸዋል፤ አንዱ የጥብጣቡ ግማሽ፣ ሌላው ሲሶ ነው። «ሁለቱንም ሳይተርፍ የሚለካ ትንሽ ቁራጭ ፈልጉ» ይባላሉ። ሲሶውን በግማሹ ላይ ሲያስተኙ የሚተርፈው ቁራጭ ለግማሹ ሦስት ጊዜ፣ ለሲሶው ሁለት ጊዜ ይበቃል። ስድስተኛውን ራሳቸው አገኙት ማለት ነው። በ1/3 እና 1/4ም እንዲሁ የሚተርፈው 1/12 ለሁለቱም ይሆናል። በ1/2 እና 1/5 ግን ትራፊው በቀጥታ አይለካም፤ መምህራኑ ይህን አውቀው ለሌላ ቀን ማቆየት አለባቸው።

የተሻሻለውን ትምህርት ሁለተኛው መምህር በሌላ ክፍል ያስተምረዋል። ልጆቹ ሌሎች ስለሆኑ ውጤቱ ቢያምር እንኳ ዕቅዱ ለመሻሻሉ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ፍንጭ ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ ጊዜ ነው፤ ተመልካቾቹ ሲወጡ ክፍላቸውን ማን ይይዛል? በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የከሰዓቱ መምህር ጠዋት መጥቶ ማየት ይችላል። በሌሎች ግን ርዕሰ መምህሩ ፕሮግራሙን ማስተካከል ይኖርበታል።

ርዕሰ መምህራን አንድ ነገር ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የተመልካቾቹ ማስታወሻ ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና ፋይል አይግባ። ከገባ መምህሩ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያሳየው ልጆቹ አስቀድመው የተለማመዱትን ትምህርት ይሆናል፤ በዚያ ቀን 2/5 ብሎ የሚጽፍ ልጅ አይገኝም፤ የሚጠናም ነገር አይኖርም።