D ላይ ያለው ኮፒ

ሒሳቡን በኮምፒውተር የሚይዝ ባለሱቅ «ኮፒ አለህ?» ሲባል ብዙ ጊዜ መልሱ «አዎ፣ D ላይ አስቀምጫለሁ» ነው። በአብዛኛው ኮምፒውተር ግን C እና D ለሁለት የተከፈለ አንድ ሃርድ ዲስክ ናቸው። ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲሰረቅም እንዲሁ። D የሚጠቅመው ዊንዶውስ ተበላሽቶ እንደገና ሲጫን ብቻ ነው።

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ሱቅ እናስብ። መዝገቡ ሦስት የኤክሴል ፋይል ነው፦ የዕቃ ዝርዝር፣ ግዢና ዱቤ። ሦስቱም አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ተደምረው 15 ሜጋባይት ቢሆኑ ነው። በየቀኑ ፎልደሩን ሙሉውን እየገለበጡ 300 የሥራ ቀን ቢያስቀምጡ አራት ጊጋባይት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ትልቅና ውድ ዲስክ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ፍላሽ ቢሆን ይመረጣል፤ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ ሁለት ተመሳሳይ ፍላሾች አብረው ሊከዱ ይችላሉ።

ማታ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ኤክሴሉ ሴቭ ተደርጎ ይዘጋል፤ ዲስኩ ይሰካል፤ ፎልደሩ ኮፒ ይደረግና በዕለቱ ቀን ይሰየማል፤ ከዚያ ዲስኩ በ«Eject» ይነቀላል። ስሙ ከዓመት ቢጀምር፣ 2018-02-05 ተብሎ፣ ፎልደሮቹ ራሳቸው በቀን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የኢትዮጵያን አቆጣጠር የጀመረ በዚያው ይቀጥል፤ አንዱ ሠራተኛ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ከጻፈ የትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ራስ ያዞራል።

ዲስኩን ሁልጊዜ እንደተሰካ መተው ምቹ ይመስላል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ግን የተሰካውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። የተነቀለውን አያገኘውም።

የትናንቱን ኮፒ በዛሬው መተካት ለምን እንደማይበጅ አንድ ስህተት ያሳያል። ጥቅምት 6 ቀን ሠራተኛዋ የዱቤ ደንበኞችን በፊደል ተራ ለማሰለፍ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጣ ታዛለች። ኤክሴል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ እሷ «Continue with the current selection» የሚለውን ትጫናለች። ስሞቹ ቦታ ይቀያየራሉ፣ የብር መጠኑ ግን ባለበት ይቀራል። ጠቅላላ ድምሩ አይዛባም፤ ስለዚህ ማንም አያስተውልም። ጥቅምት 18 አንድ ደንበኛ መጥቶ «እኔ ያን ያህል ዕዳ የለብኝም» ሲል ነው ነገሩ የሚወጣው። ኮፒው በየማታው እየተተካ ቢሆን ኖሮ ያለው የተበላሸው መዝገብ ኮፒ ብቻ ይሆን ነበር። በቀን የተሰየመው ፎልደር ስላለ ግን የጥቅምት 5ቱ ይከፈታል፤ የቀሩት አሥር የሥራ ቀናት ከደረሰኝ ቀሪው ላይ እየታዩ ይሞላሉ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ያልቃል።

ቅዳሜ ማታ ዲስኮቹ ይቀያየራሉ፦ ሱቅ የከረመው ቤት ይገባል፣ ቤት የነበረው ሰኞ ወደ ሱቅ ይመጣል። እሳት ወይም ሌባ ቢመጣ ቤት ያለው ይተርፋል። ክፍተትም አለው፤ አደጋው ዓርብ ቢደርስ ቤት ያለው ዲስክ የሚያውቀው እስካለፈው ቅዳሜ ያለውን ነው፣ የሳምንቱ ዱቤ ይጠፋል። ይህን ለመድፈን በየማታው የዱቤውን ፋይል ብቻ ቴሌግራም ላይ ወደ «Saved Messages» መላክ ይበቃል። እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው ስለሚቀመጥ የዛሬው የትናንቱን አይሽረውም። ጎግል ድራይቭም ይሠራል፤ ነገር ግን ከኮምፒውተሩ ጋር ራሱ እንዲገጣጠም ከተደረገ ኮምፒውተሩ ላይ የጠፋው እዚያም ይጠፋል፣ ከቅርጫቱም የሚቆየው 30 ቀን ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ማታ ሁለቱም አይሠሩም፤ በማግስቱ ጠዋት ይላካል።

በወር አንድ ጊዜ ቤት ያለው ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ መከፈት አለበት። የፋይሉን ስም ማየት በቂ አይደለም፤ ስሙ እየታየ የማይከፈት ፋይል ሞልቷል። የዱቤው ፋይል ይከፈትና የሦስት ደንበኞች ዕዳ ከደረሰኙ ጋር ይመሳከር። ዲስኩ ከወትሮው ከዘገየ፣ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ዊንዶውስ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ፣ እሺ ሳይሉ ነቅሎ በዚያው ቀን ሌላ መግዛት ነው። አዲሱ ፍላሽም በዋጋው እጅግ ረክሶ ከተገኘ ይጠርጠር፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል የማይዝ፣ ሲሞላ ዝም ብሎ ፋይል የሚያበላሽ ገበያ ላይ አለ።

ዲስኩ ከሱቅ ቤት ስለሚመላለስ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል፣ የደንበኞች ስምና ዕዳም አብሮ። ለዚህ የኤክሴሉን ፋይል በፓስወርድ መቆለፍ ነው፦ «File»፣ «Info»፣ «Protect Workbook»፣ «Encrypt with Password»። ፓስወርዱ ከተረሳ ግን ማይክሮሶፍትም አይከፍተውምና፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከሱቁ ንግድ ፈቃድ ጋር ቤት ይቀመጥ፤ ከዲስኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ግን አይሁን።